ሞተር ራሱን የሚገታበት ቮልቴጅ

ብርድ ላይ ያደረ መኪና በማለዳ ሲነሳ የዳሽቦርዱን መብራት ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ቁልፉ እንደተጠመዘዘ መብራቱ ባንዴ ድብዝዝ ይላል። ሞተሪኖው መዞር ሲጀምር ግን፣ የመኪናው ሞተር ገና ሳይነሳ፣ መብራቱ በመጠኑ ያገግማል። ሞተሪኖው አሁንም እየገፋ ነው፣ ሥራውም አላለቀም። ታዲያ ባትሪው ላይ የወደቀው ጫና በምን ቀለለ?

የቀለለው ሞተሪኖው መዞር በመጀመሩ ነው። የዲሲ ሞተር ቆሞ ሳለና እየዞረ ሳለ ለባትሪው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ቆሞ ሳለ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ከረንት እንደልቡ ይጎርፍበታል። መዞር ሲጀምር ግን ያው ሽቦ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ሽቦ ይሆናል፣ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ሽቦ ደግሞ ቮልቴጅ ያመነጫል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ጄኔሬተርም ሆነ ማለት ነው።

ይህ የአንድ ዕቃ ሁለት ፊት በአደባባይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1873 በቪየናው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ነበር። ቤልጅየማዊው ዜኖብ ግራም የሠራው ማሽን ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የታሰበ ነበር። የሥራ አጋሩ ሂፖሊት ፎንቴን ሁለቱን ማሽኖች በረጅም ሽቦ አገናኘና አንዱ በሌላ ሞተር ጉልበት ሲዞር ሁለተኛው፣ ምንም ሳይለወጥበት፣ የውሃ ፓምፕ ሲያንቀሳቅስ ለተመልካች አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ግልጽ ሆነ፦ ሁለተኛው ማሽን ፓምፑን ሲያዞር ጄኔሬተርነቱን የት ጥሎት ነው? የትም አልጣለውም። በዚያው ቅጽበት የራሱን ቮልቴጅ እያመነጨ ነው። የቮልቴጁም አቅጣጫ ሌንዝ በ1834 ባስቀመጠው ሕግ መሠረት ከሚመጣው ከረንት ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ነው። ባለሙያዎች ባክ ኢኤምኤፍ የሚሉት ይህንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ተቃራኒ ቮልቴጅ ይባላል።

ነገሩን በዓይን ለማየት ከተሰበረ የልጆች መጫወቻ መኪና የወጣች ትንሽ ሞተር፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይና አንድ የእጅ ባትሪ አምፖል ይበቃሉ። ከባትሪው የሚወጣው ከረንት መጀመሪያ በአምፖሉ፣ ቀጥሎ በሞተሩ እንዲያልፍ በአንድ መስመር ይገናኛሉ። ሞተሯ በነፃ ስትዞር አምፖሉ ፍዝዝ ይላል፣ አንዳንዴም ጭራሽ የጠፋ ይመስላል። ዘንጓን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ ሲይዟት አምፖሉ ቦግ ይላል። ሲለቋት መልሶ ይፈዝዛል። ሽቦው አልተነካም፣ ባትሪውም ያው ነው። የተለወጠው ፍጥነቷ ብቻ ነው። ፍጥነቷ ሲጠፋ ተቃራኒው ቮልቴጅ አብሮ ይጠፋል፣ የሚያግደው ያጣው ከረንትም ይጎርፋል።

ከመጫወቻው ወደ ፋብሪካው እንለፍ። የአርሜቸሩ (የሚዞረው ክፍል) የተሠራበት ቮልቴጅ 220፣ ሙሉ ጭነት ሲሸከም የሚስበው ከረንት 50 አምፔር፣ ፍጥነቱ በደቂቃ 1,500 ዙር የሆነ ሞተር እናስብ። የአርሜቸሩ ሽቦና ካርቦኖቹ አንድ ላይ ሬዚስታንሳቸው 0.4 ኦም ነው። ማግኔቱ የሚፈጠረው ደግሞ ፊልድ በሚባለው፣ በማይንቀሳቀሰው አካል ላይ በተጠቀለለ ሌላ ሽቦ ነው፤ ፊልዱ ከአርሜቸሩ የተለየ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር አለው። እነዚህ ጥቂት ቁጥሮች የሞተሩን ጠባይ ሁሉ ይነግሩናል።

50 አምፔር በ0.4 ኦም ሲያልፍ 20 ቮልት ይበላል። ከመስመሩ የመጣው 220 ነው። የቀረው 200 ቮልት ሌላ ምንም ሳይሆን ሞተሩ ራሱ እየዞረ ያመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ ነው። በቀመር ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

V = E + I × R

V ከውጭ የሚመጣው፣ E ተቃራኒው ቮልቴጅ፣ I × R ደግሞ ሽቦው ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ነው። E የሚያድገው በሁለት ነገር ነው፤ በማግኔቱ ብርታትና በፍጥነቱ። ሞተሩ የሚያመነጨው የማዞር ጉልበት፣ ማለትም ቶርክ፣ በማግኔቱ ብርታትና በከረንቱ ያድጋል፦

E = K × Φ × ω
T = K × Φ × I

Φ የማግኔቱ ብርታት፣ ω ፍጥነቱ፣ T ቶርኩ ነው። K ሞተሩ ሲሠራ በሽቦው ዙርና በማግኔቱ ዋልታዎች ብዛት የተወሰነ ቁጥር ነው። በሁለቱም ቀመር ያው K መግባቱ በአጋጣሚ አይደለም። ተቃራኒው ቮልቴጅ በከረንቱ ሲባዛ ሽቦውን ከማሞቅ አልፎ ወደ እንቅስቃሴ የተለወጠውን ኃይል ይሰጣል። በእኛ ሞተር 200 ቮልት በ50 አምፔር 10,000 ዋት ነው። ይህ ኃይል፣ ከጥቂት የሰበቃ ብክነት በስተቀር፣ በዘንጉ ላይ መገኘት አለበት። በደቂቃ 1,500 ዙር ማለት በሴኮንድ 157 ራዲያን ስለሆነ ቶርኩ 10,000 ለ157 ተካፍሎ 64 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሆናል። ተቃራኒው ቮልቴጅ ለሞተሩ እንቅፋት ይመስላል እንጂ የኤሌክትሪኩ ኃይል ወደ ጉልበት የሚሻገርበት በር እሱ ነው። E ዜሮ በሆነበት ቦታ ሞተሩ ምድጃ እንጂ ሞተር አይደለም።

እንግዲህ ሞተሩ ቀለል ያለ ሥራ ላይ 10 አምፔር ብቻ እየሳበ በ1,620 ዙር ይዞራል እንበል። ተቃራኒው ቮልቴጅ 216 ነው። ድንገት ከባድ ጭነት መጣበትና ፍጥነቱ ዝቅ አለ። ፍጥነቱ ሲወርድ ተቃራኒው ቮልቴጅ አብሮ ይወርዳል፤ እሱ ሲወርድ ከረንት የሚገባበት ክፍተት ይሰፋል፤ ከረንቱ ሲጨምር ቶርኩ ይጨምራል። 1,500 ዙር ላይ ተቃራኒው ቮልቴጅ 200 ሲሆን ከረንቱ 50 ደርሷል፣ ቶርኩም ከጭነቱ ጋር ተመጣጥኗል፤ መውረዱም እዚያ ይቆማል። ፍጥነቱ የቀነሰው በ120 ዙር ብቻ ነው፣ ከረንቱ ግን አምስት እጥፍ ሆነ። ማንም ቁልፍ አልነካም፣ ሞተሩ የሚፈልገውን ያህል ከረንት በራሱ ጠርቶ ወሰደ።

ይህ ራስን የመቆጣጠር ችሎታ የማይኖረው ሞተሩ በቆመበት ቅጽበት ነው። 220 ቮልት በቀጥታ ለቆመው ሞተር ቢሰጥ የሚገታው 0.4 ኦም ብቻ ስለሆነ 550 አምፔር ይጎርፋል፤ ከመደበኛው አሥራ አንድ እጥፍ ነው። ሙቀቱ ደግሞ በከረንቱ ካሬ ስለሚያድግ በመደበኛ ሥራ 1,000 ዋት የነበረው ወደ 121,000 ዋት ይዘላል። ዘንጉ የተያዘ ሞተር በሴኮንዶች ውስጥ የሚያጨሰው፣ የቆየ ባትሪ ይዞ ሞተሪኖን ደጋግሞ መግፋት ሞተሪኖውን የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የድሮ ሞተሮች ሲነሱ ከአርሜቸሩ ጋር የተያያዘ ተጨማሪ ሬዚስታንስ ይገባላቸዋል። ለእኛው ሞተር 1.8 ኦም ቢጨመር መነሻው ከረንት በ100 አምፔር ይገታል። 750 ዙር ላይ ሲደርስ ከረንቱ ወደ 55 ይወርዳል፤ ያኔ ከሬዚስታንሱ አንዱ ክፍል ይወጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው፣ በመጨረሻም ሁሉም።

አሁን ፍጥነትን መለወጥ ቢያስፈልግስ? ከቀመሮቹ ሁለት መንገድ ይወጣል፤ ወይ ለአርሜቸሩ የሚሰጠውን ቮልቴጅ መለወጥ፣ ወይ የማግኔቱን ብርታት መለወጥ።

የመጀመሪያው ለአእምሮ ቅርብ ነው። ማግኔቱ ሙሉ ብርታቱን እንደያዘ ለአርሜቸሩ 220 በመሆን ፋንታ 120 ቮልት ይሰጠው። ጭነቱ ያው ከሆነ ከረንቱ ያው 50 ነው፣ ሽቦው የሚበላውም ያው 20 ቮልት። ለተቃራኒው ቮልቴጅ የሚቀረው 100 ስለሆነ ፍጥነቱ ግማሽ፣ 750 ዙር ይሆናል። ቶርኩ አልተነካም። ክሬን፣ አሳንሰርና የማዕድን ጉድጓድ ማውጫ የሚፈልጉት ይህንን ነው፤ የተንጠለጠለው ዕቃ በዝግታ ሲወጣም ሆነ በፍጥነት ክብደቱ ያው ነውና። ያንኑ ፍጥነት ሬዚስታንስ በመጨመር ማግኘት ይቻል ነበር፤ ግን 100 ቮልት በ50 አምፔር፣ ማለትም 5,000 ዋት፣ ሬዚስታንሱ ላይ በሙቀት ይጠፋል። ሞተሩ ከሚሠራው ሥራ ጋር እኩል የሆነ ኃይል ብክነት ነው።

ቮልቴጁን ያለ ብክነት ከፍና ዝቅ የማድረጉን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሜሪካዊው ሃሪ ዋርድ ሊዮናርድ ነው። መላው ሦስት ማሽኖችን ይጠይቃል። አንድ ሞተር በቋሚ ፍጥነት አንድ ጄኔሬተርን ያዞራል፣ የጄኔሬተሩ ቮልቴጅ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሥራ ሞተሩ ይሄዳል። ኦፕሬተሩ የሚነካው የጄኔሬተሩን ፊልድ ትንሽ ከረንት ብቻ ነው፤ በዚያች ትንሽ ከረንት ግን ብዙ ቶን የሚያነሳው ሞተር ከዜሮ እስከ ሙሉ ፍጥነት፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይታዘዝለታል። አሳንሰሮችና የብረት መዳመጫ ፋብሪካዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት በዚህ ሠርተዋል። ዛሬ ቦታውን ታይሪስተርና ትራንዚስተር ይዘውታል፣ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም።

ይህ መንገድ ሁለት ድክመት አለው። በጣም ዝቅ ባለ ፍጥነት ሞተሩ ለጭነት ለውጥ ስስ ይሆናል። አርሜቸሩ 40 ቮልት ቢሰጠው ሙሉ ጭነት ይዞ በ150 ዙር ይዞራል፤ ጭነቱ ሲወርድለት ግን ወደ 300 ይሮጣል። የሚለወጠው በ150 ዙር ነው፣ ይህ ልዩነት በሙሉ ፍጥነትም ያው 150 ነው። እዚያ ግን ከ1,500 ላይ ስለሆነ ብዙም አይታይም። ስለዚህ ቀስ ብሎ መዞር ያለበት ሞተር ዘንጉ ላይ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ተገጥሞለት ቮልቴጁ በየቅጽበቱ ይታረማል። ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ከረንቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ዘንጉ ላይ ያለው ማራገቢያ ቀስ ብሎ ስለሚዞር አየር ያጥረዋል። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሞተር የራሱ ሞተር ያለው የተለየ ማራገቢያ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማውን ሁሉ ግራ ያጋባል። ሞተሩ ከ1,500 ዙር በላይ እንዲሮጥ ሲፈለግ ማግኔቱ ይዳከማል። ማግኔቱን አዳክሞ እንዴት ይፈጥናል? ጉልበቱ የሚመጣው ከማግኔቱ አይደለም ወይ?

በዝግታ እንመልከተው። ሞተሩ በሙሉ ጭነት በ1,500 ዙር እየዞረ ሳለ የማግኔቱ ብርታት በድንገት አሥር በመቶ ይቀንስ። ፍጥነቱ ገና አልተለወጠም፣ ከባድ አርሜቸር በቅጽበት አይፈጥንምና። ተቃራኒው ቮልቴጅ ግን ከ200 ወደ 180 ወረደ። ለሽቦው የቀረው ክፍተት ከ20 ቮልት ወደ 40 ሰፋ፣ ከረንቱም ወደ 100 አምፔር ይጠጋል። ማግኔቱ አሥር በመቶ ቢደክምም ከረንቱ እጥፍ ስለሆነ ቶርኩ 1.8 እጥፍ ይሆናል። ሞተሩ ወደ ፊት የሚወረወረው በዚህ ትርፍ ጉልበት ነው። ሲፈጥን ተቃራኒው ቮልቴጅ መልሶ ያድጋል፣ ከረንቱ ይወርዳል። በመጨረሻ በ1,650 ዙር አካባቢ፣ 55.6 አምፔር እየሳበ ይረጋል። ሚስጥሩ ያለው ትልቁ 200 ቮልት ትንሽ ሲነካ ትንሹ 20 ቮልት በእጥፍ መለወጡ ላይ ነው።

ከዚህ ገደቡም ይታያል። ሞተሩ በጭነት ብዛት ታንቆ ተቃራኒው ቮልቴጅ ከሚሰጠው ቮልቴጅ ከግማሽ በታች ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማግኔቱን ማዳከም ፍጥነትን መቀነስ ይሆናል። በደንብ የተመረጠ ትልቅ ሞተር ግን እዚያ አጠገብ አይደርስም።

ዋጋው ቶርኩ ነው። ማግኔቱ በግማሽ ሲዳከም ሞተሩ ሳይጎዳ ሊስበው የሚችለው ከረንት ያው 50 አምፔር ስለሆነ ቶርኩ ወደ 32 ኒውተን ሜትር ይወርዳል፣ ፍጥነቱ ደግሞ 3,000 ዙር ይሆናል። ኃይሉ አሁንም 10,000 ዋት ነው። ሥራው ራሱ ይህን የሚፈልግ ከሆነ እሰየው። ወረቀት የሚጠቀልል ማሽን ጥቅሉ ትንሽ ሳለ በፍጥነትና በትንሽ ቶርክ፣ ጥቅሉ ሲወፍር በዝግታና በብዙ ቶርክ መዞር አለበት፤ ወረቀቱ የሚሳብበት ፍጥነትና ውጥረት አንድ ስለሆነ ኃይሉ አይለወጥም። ፊልድ ማዳከም ለእንዲህ ያለ ሥራ የተፈጠረ ያህል ይገጥማል። በአንጻሩ አንድ ሰው ክሬን ላይ ይህንኑ ልሞክር ቢል፣ ሙሉ ጭነቱ ስለማይቀንስ ሞተሩ 100 አምፔር መሳብ ይኖርበታል። በ2,700 ዙር ይዞራል፣ የአርሜቸሩ ሙቀት ግን አራት እጥፍ ሆኖ ኢንሱሌሽኑን ያቃጥለዋል። የአንዳንድ ሞተሮች ታርጋ ላይ ሁለት ፍጥነቶች፣ ለምሳሌ 1,500/3,000 ተብሎ፣ ሲጻፍ የመጀመሪያው ሙሉ ማግኔትና ሙሉ ቮልቴጅ የሚገናኙበት መሠረታዊ ፍጥነት ነው። ከሱ በታች ያለው በአርሜቸር ቮልቴጅ፣ ከሱ በላይ ያለው በፊልድ ይገዛል። ወደ ላይ ያለው መንገድ ሩቅ አይወስድም፤ ማግኔቱ ሲደክም ካርቦኖቹ ሥር የእሳት ብልጭታ ይበረታል፣ የአርሜቸሩ ሽቦም በፍጥነቱ ወደ ውጭ ይጎተታል።

ቋሚ ማግኔት ያለው ተራ ሞተር፣ እንደ መጫወቻዋና እንደ ብዙዎቹ የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች፣ የሚዳከም ፊልድ የለውም። ሆኖም ሐሳቡ ከዲሲ ሞተር ጋር አልቀረም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ መንገድ ላይ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ካርቦን የሌለው ሌላ ዓይነት ሞተር ቢይዙም ያንኑ ድንበር ያውቁታል። ከቆሙበት ሲነሱ ሙሉ ቶርክ አላቸው፤ ተቃራኒው ቮልቴጅ ከባትሪው አቅም ጋር ሲተካከል ግን መቆጣጠሪያቸው ማግኔቱን እያዳከመ ያስሮጣቸዋል። አስፋልት ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሲነዱ ፔዳሉ እንደ መነሻው ወንበር ላይ የማይለጥፈው ቶርኩ ስለቀነሰ ነው።

ፊልድ ጨርሶ ቢጠፋስ? የፊልዱ ሽቦ ቢበጠስ ማግኔቱ ዜሮ አይሆንም፤ ብረቱ ውስጥ ጥቂት ቅሪት ይኖራል። ቅሪቱ አምስት በመቶ ቢሆን ጭነት የያዘው ሞተር ቶርክ ያንሰውና ይቆማል። ከመስመሩም እስከ 550 አምፔር ስለሚስብ ፊውዙ ይቃጠላል። አደገኛው ጭነት የሌለው ነው። ተቃራኒው ቮልቴጅ 220 አጠገብ እስኪደርስ መፍጠን አለበት፣ ስሌቱ 33,000 ዙር ይላል። እዚያ ሳይደርስ የአርሜቸሩ ሽቦ ከጎድጓዱ ይፈናቀላል፣ ኮሚውቴተሩ ተበታትኖ ይረጫል። ለዚህ ነው በፊልድ መስመር ላይ ፊውዝ የማይገባው፣ የፊልድ ከረንት ሲጠፋም አርሜቸሩን የሚቆርጥ ሪሌ የሚገጠመው።

ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ይመጣል። ሲነሳ መጀመሪያ ፊልድ፣ ያውም ሙሉ ብርታቱን ይዞ፤ የፊልድ አምፔር መለኪያው ታይቶ፤ ከዚያ አርሜቸር። ሲቆም ተቃራኒው። ቴክኒሻኑ ሞተሩ ከታርጋው ይበልጥ ፈጥኖ፣ ካርቦኑ ሥር ብልጭታ በዝቶ ካገኘው ኃይሉን አጥፍቶ የፊልዱን ሬዚስታንስ ይለካል። 220 ቮልት ላይ 1.1 አምፔር የሚስብ ፊልድ 200 ኦም ማሳየት አለበት። 150 ካሳየ ጥቅሉ ውስጥ እርስ በርስ የተነካኩ ዙሮች አሉ ማለት ነው፤ ምንም ካላሳየ ሽቦው ተበጥሷል። 170 ወይም 180 ካሳየ ግን ሞተሩ ቀዝቅዞ እንደሆነ ይጠይቅ። መዳብ በ50 ዲግሪ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ሃያ በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ጠዋት በትክክለኛው ፍጥነት የተነሳ ሞተር ከሰዓት በኋላ ፊልዱ ሞቆና ደክሞ ትንሽ ፈጥኖ ይገኛል።